አቬሬጁ 50 የሆነው ኢንጂነርና ያስቀረነው ሹፌር

የእህቴ ልጅ ዱባይ ነው የሚሰራው። ባለፈው ሳምንት ማታ ላይ በዋትሳፕ ቮይስ ላከልኝ፣ "አጎቴ አንተ ክሪኬት ታውቅ የለ፣ የኩባንያችን ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷል፣ አንዱ ባትስማን አቬሬጁ 50 ነው ሌላኛው 22፣ ሃምሳውን ነው አይደል የምንወስደው?" ይላል። ቮይሱን ሶስቴ ሰማሁት። ልጁ ምንም ሳያውቅ የዛሬ አስራ ምናምን አመት የሰራሁትን ስህተት በቁጥሩ ሳይቀር ነው የጠየቀኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይህን ለእሱም ለእናንተም ልፃፈው አልኩ፣ ባህረ ሰላጤው ላይ ከህንዶችና ከፓኪስታኖች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታችሁ ክሪኬት ማየት የጀመራችሁ ልጆች ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ።

እኔ አካውንታንት ነበርኩ፣ ሻርጃ አንድ የኮንስትራክሽን ኩባንያ ውስጥ። ክሪኬት የሚባል ነገር አዲስ አበባ እያለሁ በስሙም አላውቀውም። አርብ ጠዋት ሰራተኛው በሙሉ ከካምፑ ጀርባ ያለው አሸዋ ሜዳ ላይ ይወጣል፣ መሀል ላይ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ፒች አለ፣ ኳሱ የቴኒስ ኳስ ነው ግን በኤሌክትሪክ ቴፕ ይጠቀለላል። መጫወት አልቻልኩም፣ እንዲያውም መጀመሪያ ቀን ኳሱ ጣቴን መትቶኝ ሁለት ሳምንት በግራ እጄ ነው ካልኩሌተር የነካሁት። ስለዚህ "ሂሳብ ታውቃለህ" ብለው ስኮርቡኩን ሰጡኝ። እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ወፍራም ደብተር። ውጤቱ የሚቆጠረው በራን ነው፣ ራን ያልተገኘበት ኳስ ነጥብ ይደረጋል፣ ሌላው በቁጥሩ ይፃፋል። እናንተ ዛሬ አፑ ሁሉንም ስለሚደምርላችሁ አንድ ጨዋታ ሙሉ ተቀምጣችሁ ስትፅፉ ምን እንደሚታይ አታውቁም፣ ይሄ ነው እኔን የሚያበሳጨኝ። ሁለት ደቂቃ ሃይላይት አይቶ ስለ ባትስማን የሚከራከር ትውልድ። ብቻ ልተወው።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ኳሱን የሚመታው ባትስማን ነው፣ የሚወረውርለት ቦውለር፣ በአጭሩ ጨዋታ አንድ ቡድን የሚመታው 20 ኦቨር ነው፣ ኦቨሩ 6 ኳስ፣ ድምሩ 120 ኳስ። 10 ዊኬት አለው፣ 10 ሰው አውት ሆኖ ከወጣ አለቀ። ወይ ኳስ ያልቅብሃል ወይ ሰው ያልቅብሃል። የእኔ ስህተት በሙሉ እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው።

ሲዝኑ ሲያልቅ ፋይናል ደረስን። ካፒቴኑ አንድ የሳይት ማናጀር ነበር፣ ሀሙስ ማታ ቢሮዬ መጥቶ "አንድ ቦታ ለሁለት ሰው ነው፣ ቁጥሩን አውጣልኝ" አለኝ። አንዱ የካራቺ ኢንጂነር ነው፣ ቀጭን፣ ዩኒፎርሙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። አስር ጊዜ ገብቶ መትቷል፣ አምስቱን አውት ሳይሆን ነው የጨረሰው፣ 250 ራን በ240 ኳስ። ሌላው የፔሻዋር ልጅ ነው፣ የሚክሰር መኪና ሹፌር፣ ሌሊት ሰርቶ ጠዋት ሳይተኛ የሚመጣ። እሱም አስር ጊዜ ገብቷል፣ አስሩንም ጊዜ አውት ሆኗል፣ 220 ራን ግን በ125 ኳስ።

አቬሬጅ ማለት ራኑን ለአውት ብዛት ማካፈል ነው፣ ለጨዋታ ብዛት አይደለም። ስለዚህ ኢንጂነሩ 250 ለ5፣ 50። ሹፌሩ 220 ለ10፣ 22። በወረቀት ሲታይ ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም። ስትራይክ ሬቱንም ሰርቼዋለሁ፣ በ100 ኳስ ስንት ራን ማለት ነው፣ ኢንጂነሩ 104 ሹፌሩ 176። ግን በትንሽ ፊደል ከታች ፃፍኩት፣ ሃምሳዋን ደግሞ ከላይ አሰመርኩባት። እውነቱን ልናገር ካላችሁ ካፒቴኑም እኔም ኢንጂነሩን ለመውሰድ ምክንያት ነበር የፈለግነው፣ ከሹፌር ጋር ሻይ የማይጠጣ ሰው ነበር ካፒቴኑ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሃምሳዋ ለሁለታችንም ተመቸችን።

ፋይናሉ ላይ እነሱ 147 መቱ፣ እኛ 148 ያስፈልገናል። ኢንጂነሩ ከመጀመሪያው ኳስ ገባ፣ እስከ መጨረሻው ኳስ አልወጣም። 51 ኳስ በልቶ 52 ራን፣ ኖት አውት። እኛ 139 ላይ ቆምን፣ በ4 ዊኬት። በ8 ራን ተሸነፍን፣ 6 ዊኬት ሳንነካው። ገና ፓድ አስረው የተቀመጡ፣ አንድ ኳስ ያልነኩ ሰዎች ነበሩ። ድግስ ደግሶ ወጡን ከነድስቱ ይዞ ወደ ቤት እንደመመለስ በሉት።

ማታ ደብተሩን ልዘጋ ቁጭ አልኩና የኢንጂነሩን መስመር ደመርኩ። 302 ራን፣ አውት ያው 5። አቬሬጁ ከ50 ወደ 60.4 ወጣ። በቀስታ እየመታ ፋይናሉን ያስሸነፈን ሰውዬ ደብተሬ ላይ በሲዝኑ ትልቁ ባትስማን ሆኖ አደረ። እርሳሴን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ከዛ ነው ሀሙስ ማታ መስራት የነበረብኝን ሂሳብ የሰራሁት። ኢንጂነሩ ከበላቸው 51 ኳሶች ውጪ 69 ኳስ አለ፣ በእነሱ ሌሎቹ ባትስማን ሳይመታ ከሚቆጠረው ኤክስትራ ጋር 87 ራን አገኙ፣ በኳስ 1.26 አካባቢ። ሹፌሩ ቢገባ ኖሮስ? እሱ በአማካይ 13 ኳስ አካባቢ ቆይቶ 22 መትቶ ይወጣል። 38 ኳስ ለሌሎቹ ይተርፋል፣ እነሱ በለመዱት ፍጥነት ቢመቱ 48። 22 እና 48፣ 70። በኢንጂነሩ 52 ነበር። 18 ራን ልዩነት፣ እኛ የጎደለን 9። ግምት ነው እርግጥ፣ ኋላ የሚገባ ሰው ከፊተኞቹ ሊደክም ይችላል፣ ግን 6 ዊኬት በእጃችን እያለ የአንድ ሰው መውጣት ምን ያስፈራ ነበር? አቬሬጅ አውት መሆንን ነው የሚያስከፍልህ፣ ኳስ ማባከንን አያስከፍልህም። እዛ ቀን ያለቀብን ደግሞ ኳስ ነው።

ቢሮ ውስጥ አንድ የህንድ ሽማግሌ ነበር፣ ስነግረው ሳቀና የህንዱን ባትስማን የጋቫስካርን ታሪክ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1975 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ፣ ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ፣ እንግሊዝ በ60 ኦቨር 334 መታች። ጋቫስካር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ 174 ኳስ በልቶ 36 ራን፣ ኖት አውት። ህንድ 132 በ3 ዊኬት ጨረሰች፣ በ202 ራን ተሸነፈች፣ 7 ዊኬት ተርፏት። አቬሬጁ ላይ ያቺ ቀን ለጋቫስካር ጥቅም ነው ያመጣችለት፣ 36 ራን ተጨመረ አውት አልተጨመረም። እዚሁ ሻርጃ እ.ኤ.አ. በ1986 የፓኪስታኑ ሚያንዳድ በመጨረሻው ኳስ ስድስት መትቶ ህንድን የቀጣበትን ደግሞ ያው ሽማግሌ ሲያወራ እንባው ይመጣ ነበር፣ ካረክ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል፣ እኛም ስራ እንፈታለን።

አቬሬጅ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። አምስት ቀን በሚፈጀው ቴስት ኳስ እንደልብ ነው፣ ውዱ ነገር ዊኬት ነው። የአውስትራሊያው ብራድማን 80 ጊዜ ገብቶ 10 ጊዜ ኖት አውት፣ 6996 ራን፣ ለ70 ሲካፈል 99.94፣ ይሄን ቁጥር ማንም ሊያጣጥለው አይችልም። በአጭሩ ጨዋታም ቢሆን አቬሬጅ የሚጠቅምበት ቀን አለ። ሴሚ ፋይናሉ ላይ ጠዋት ጤዛ ነበር፣ ኳሱ ይንሸራተታል፣ 4 ሰው በ31 ወድቆብን የሚፈለገው ትንሽ ስለነበር ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ ነው ያሸነፈልን። ያን ቀን ሹፌሩ ቢሆን እንወድቅ ነበር። እኔ ራሴ ዛሬም አዲስ ስም ስሰማ መጀመሪያ አቬሬጁን ነው የማየው፣ ልማድ ነው መሰለኝ።

ስትራይክ ሬትንም በደፈናው አትመኑ ደግሞ። 16ኛው ኦቨር ላይ የሚገባ ሰው ሁሉን ኳስ እንዲመታ ነው የሚላከው፣ ቁጥሩ መክበዱ የግድ ነው። ከመጀመሪያው ከሚገባው ጋር ማወዳደር የኮንትራት ታክሲና የሀይገርን ገቢ እንደማወዳደር ነው።

ቦውለሮቹ ላይም ይሄንኑ ልደግመው ነበር፣ ካፒቴኑ ነው ያዳነኝ (ለእሱም ፍርድ ይገባዋል)። ኢኮኖሚ ማለት በኦቨር ስንት ራን ሰጠ ነው። አንድ ግራኝ ነበረን 8.6፣ ሌላው 6.4። ግራኙን እናስቀር አልኩ። ካፒቴኑ ደብተሩን ገልጦ "የትኞቹን ኦቨሮች ነው የወረወረው?" አለኝ። ሳየው ግራኙ ሁልጊዜ 18ኛውንና 20ኛውን ነው፣ ባላጋራው ዓይኑን ጨፍኖ የሚመታበት ሰዓት። የ6.4ቱ ልጅ ከ8ኛው እስከ 14ኛው ነው፣ ፊልደሩ ዳር ድረስ ተበትኖ ባትስማኑ አንድ አንድ የሚለቅምበት። ስራቸው አንድ አይደለም፣ ቁጥሩን ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቦውሊንግ አቬሬጅም፣ ማለትም ለአንድ ዊኬት የሰጠው ራን፣ ያው ነው። አንዱ 19ኛውን ኦቨር ጠርቅሞ ይይዛል፣ የጨነቀው ባትስማን 20ኛው ላይ ለሌላው ቦውለር ወደ ሰማይ መትቶ ካች ተደርጎ አውት ይሆናል። ዊኬቱ ለሁለተኛው ይፃፋል።

እ.ኤ.አ. የ2024 የቲ20 ዓለም ዋንጫ ፋይናልን ያየ ይገባዋል። ባርቤዶስ፣ ደቡብ አፍሪካ ከህንድ። ደቡብ አፍሪካ 30 ኳስ ቀርቷት 30 ራን ነው የሚያስፈልጋት፣ 6 ዊኬት በእጅ፣ አለቀ ብሎ ነበር ሰው ሁሉ። የህንዱ ቦውለር ቡምራ 16ኛውን ወረወረ፣ 4 ራን። 18ኛውን ወረወረ፣ 2 ራንና አንድ ዊኬት። ህንድ በ7 ራን አሸነፈች። ወረቀቱ ላይ 4 ኦቨር፣ 18 ራን፣ 2 ዊኬት፣ ኢኮኖሚ 4.5 ነው የሚለው። ጥሩ ቁጥር ነው፣ ግን መጀመሪያ ላይ 6 ራን በ2 ኦቨር መስጠትና እዛች ሰዓት ላይ መስጠት ለወረቀቱ አንድ ናቸው።

ሹፌሩ ፋይናሉን ከጎኔ ተቀምጦ ነው ያየው፣ ከስኮርቡኩ አጠገብ፣ የሌሊት ሺፍቱን ልብስ እንደለበሰ። 15ኛው ኦቨር ላይ ጎንበስ ብሎ ደብተሬን አየና "ስንት ዊኬት ቀረን?" አለኝ። "ሰባት" አልኩት። ምንም አላለም። ተነስቶ ለልጆቹ ውሃ ይዞ ሄደ። በሚቀጥለው ሲዝን ለሌላ ኩባንያ ተጫወተ፣ ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

ለእህቴ ልጅ ሃምሳውን ውሰድ ወይ ተው አላልኩትም። ባለፉት ጨዋታዎች ቡድናችሁ ሲጨርስ ስንት ዊኬት ይተርፈው ነበር ብዬ ጠየቅኩት። አላውቅም አለኝ። ስኮርቡኩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት፣ አራት ቀኑ ነው፣ እስካሁን አልላከም።