ኤክሴሉን ከመከልከላችሁ በፊት አስከፍቱት

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

አዲሱ የዕቃ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ሥርዓት ሥራ ከጀመረ ወራት አልፈውም ሠራተኛው ኤክሴል ላይ ሲመዘግብ ብታገኙት፣ «ለውጥ ጠልቶ ነው» ብላችሁ ሌላ ሥልጠና ለማዘጋጀት አትቸኩሉ። ከጎኑ ተቀመጡና ፋይሉን አስከፍቱት። እያንዳንዱን ዓምድ ማን እንደሚያነበው፣ ለምን እንደተጨመረም ጠይቁ።

ባሕር ዳር ውስጥ ለጣና ጀልባዎች መለዋወጫ የሚያቀርብ መጋዘን አውቃለሁ። አዲሱ ሥርዓት መጠየቂያው፣ ማለትም ሞዴል 20፣ በኃላፊ ካልጸደቀ የወጪ ሞዴል 22 አያዘጋጅም። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው። ይሁንና ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ጀልባ ንጋት ላይ የውኃ ፓምፕ ይፈልጋል፤ የሚያጸድቀው ኃላፊ ቢሮ የሚገባው ደግሞ ረፈድ ሲል ነው። የመጋዘኗ ሠራተኛ ዕቃውን ትሰጥና «በእጅ ያለ» በሚለው ዓምዷ የወሰደውን ሰው ስም ትጽፋለች። ሥርዓቱ ስድስት ፓምፕ አለ ሲል መደርደሪያው ላይ ያለው አራት ነው። በቆጠራ ጊዜ ተጠያቂዋ እሷ ናትና የምታምነው የራሷን ፋይል ነው።

ሌላው ዓምዷ ወር ይላል። ሥርዓቱ ወሩን የሚዘጋው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁላይ 31 ነው። አለቃዋ የሚጠይቃት ግን የሐምሌን ሪፖርት ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ይዘልቃል። እናም በየወሩ መረጃውን አውርዳ እንደገና ትደምረዋለች።

ሥልጠና ከሁለቱ አንዱንም አይፈታም። ለመጀመሪያው «ጊዜያዊ ወጪ» የሚባል ሰነድ ያስፈልጋል፤ ፓምፑን ከመደርደሪያ ወደ ተረካቢው ስም የሚያዛውር፣ በማግስቱ ካልጸደቀ ኃላፊውን የሚያስታውስ። ለሁለተኛው ሪፖርቱ በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር እንዲወጣ ማድረግ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም፣ ሥራ አስኪያጁ በሳምንታዊው ስብሰባ «ያንን ሰንጠረዥሽን አምጪልኝ» እያለ ከቀጠለ ፋይሉ አይሞትም። እሱን ማሳመን የእናንተ የፕሮጀክት መሪዎቹ ሥራ ነው፤ በእሷ ላይ አትጣሉት።

ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ስንት ሰው ወደ ሥርዓቱ እንደገባ አትቁጠሩ። ዕቃው የወጣበትን ቀንና በሥርዓቱ የተመዘገበበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ምዝገባው ሁሉ ወር መጨረሻ ላይ ከተከማቸ፣ ሥርዓቱ የኤክሴሉ ግልባጭ ሆኗል ማለት ነው።

ኤክሴልን ጨርሳችሁ አጥፉ አላልኩም። ከሥርዓቱ መረጃ አውርዶ ዋጋ ማወዳደር ምንም አይጎዳም። የሚያሰጋው ኤክሴሉ ዕቃ መጀመሪያ የሚመዘገብበት ቦታ ሲሆን ነው።

በመጨረሻ ፋይሉን ስታዘጉ፣ «በእጅ ያለ» ተብሎ የቀረውን ሁሉ አብራችኋት ቁጠሩና ኃላፊው ይፈርምበት። ያለበለዚያ በፍላሽ ገልብጣ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች፤ እኔም ብሆን እወስደው ነበር።