ጊዜያዊ ቻት ከተዘጋ በኋላ ምን ይገኛል? ጥያቄና መልስ

ቻትጂፒቲ ላይ በጊዜያዊ ቻት ረጅም የሥራ ማመልከቻ ሳስተካክል አመሸሁ። ታቡን ዘግቼው ተኛሁ። አሁን የቻቶቼ ዝርዝር ውስጥ የለም። የት ልፈልገው?

ዝርዝሩ ውስጥ በመፈለግ አትልፋ፤ ጊዜያዊ ቻት መጀመሪያውኑም እዚያ አይገባም። በ`Ctrl+Shift+T` ታቡን ብትመልሰው የሚከፈትልህ ባዶ ቻት ነው። የብሮውዘርህን ሂስትሪ ብታይ የምታገኘው ይህን አድራሻ ነው፦ `chatgpt.com/?temporary-chat=true`። መደበኛ ቻት በአድራሻው ላይ የራሱ መለያ አለው፤ እሱን ተጭነህ ትመለሳለህ። ይሄኛው ግን የትኛው ቻት እንደሆነ የሚለይበት ነገር የለውም፣ ስለዚህ ሁሌም አዲስ ነው የሚከፍትልህ። ጽሑፉን ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ ለጥፈኸው ወይም ለሰው ልከኸው ከሆነ እዚያ ፈልግ። ካልሆነ እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

ኩባንያው 30 ቀን ያስቀምጠዋል አይደል? ታዲያ ብንጠይቃቸው ይመልሱልናል።

የመጀመሪያው ልክ ነው። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ለደህንነት ሲባል ቅጂው እስከ 30 ቀን ሊቆይ እንደሚችል ራሱ ጽፏል። የጉግሉ ጀሚናይ ደግሞ እስከ 72 ሰዓት ይላል። ግን ቅጂው የሚቀመጠው ለእነሱ ሥራ ነው እንጂ አንተ ተመልሰህ እንድታነበው አይደለም። «መልሱልኝ» የሚል ቁልፍም የለም። እነሱ ጋ አለ፣ አንተ ጋ የለም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ሁልጊዜ በኢንኮግኒቶ መስኮት ነው የምገባው። ያው ነው አይደል?

በፍጹም! እሱ የሚያጸዳው ያንቺን ኮምፒውተር ነው፤ ሂስትሪውንና ኩኪውን። በአካውንትሽ ገብተሽ ከጻፍሽ ቻቱ እንደ ወትሮው ይቀመጣል። ስልክሽን ብትከፍቺ እዚያው ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። መለየት ከፈለግሽ አንድ መስመር ጻፊና ገጹን እንደገና ክፈቺው። በጎን ካለው ዝርዝር ላይ አዲስ ርዕስ ከወጣ፣ ጊዜያዊ ቻት ውስጥ አልነበርሽም ማለት ነው።

ቴሌግራም ላይ ጓደኛዬ መልእክቱን ከሁለታችንም ስልክ አጠፋው። እሱንስ?

ወዳጄ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ኤአይ ቻት ነው።

እሺ፣ 30 ቀኑ ካለፈ ግን በቃ፣ ጠፋ ማለት ነው?

በደንቡ አዎ። ሆኖም በኒውዮርክ ታይምስ ክስ ምክንያት ፍርድ ቤት በሜይ 2025 እ.ኤ.አ. ኦፕንኤአይን ሊሰረዝ የነበረውን ቻት ጭምር እንዲያቆይ አዞት ነበር። ግዴታው ያበቃው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ነው።

እኔ አልስማማም። ይሄ አንዴ የሆነ ነገር ነው፤ ሰው አታስፈራ።

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሚስጥር የምለውን ጊዜያዊ ቻት ላይም አልጽፍም። ለሚያስፈልገኝ ጽሑፍ ደግሞ መደበኛውን እከፍታለሁ፣ ስጨርስ እሰርዘዋለሁ።