«ይሆናል» እና «ይሁን»፦ ለጓደኛ የሠርግ ቀን መልእክት

ጥያቄ፦ የልብ ጓደኛዬ ሊያገባ ነው። በዕለቱ በስልክ የምልክለት፣ ጽዋ አንሥተው እንደሚናገሩት ያለ አጭር መልእክት ጽፌአለሁ፦ «እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ታምሜ ሦስት ሌሊት አጠገቤ ያደርከው አንተ ነህ። ትዳራችሁ የሰመረ ይሆናል፤ ፍቅራችሁ ይጨምራል። እግዚአብሔር ይጠብቅህ።» ሳነበው የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል፤ ምኑ ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በላይ የሚጎረብጠው «ይሆናል» ነው። የቀድሞዎቹ የሰዋስው መምህራን «ይሆናል»ን ትንቢት፣ «ይሁን»ን ደግሞ ትእዛዝ አንቀጽ ብለው ለይተዋቸዋል፤ ምርቃትና መልካም ምኞት የሚነገሩትም በዚህ በሁለተኛው ነው። በዚያ ላይ «ይሆናል» በአማርኛ ግምትንም ያመለክታል፤ «መጥቶ ይሆናል» ስንል መምጣቱን አላረጋገጥንም። ስለዚህ «የሰመረ ይሆናል» የሚለውን ሙሽራው እንደ ጥርጣሬ ሊያነበው ይችላል፤ ይህም በሠርግ ቀን ከባድ ነው። ማረሚያው ቀላል ቢሆንም ከሁሉም ግሥ መጨረሻውን ቆርጦ መጣል አይበቃም፦ «ይጨምራል» በቀጥታ «ይጨምር» ይሆናል፤ «ይሰጣችኋል» ግን ውስጡም ተለውጦ «ይስጣችሁ»፣ «ይኖራል»ም «ይኑር» ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር የተናጋሪው ዐይን ወዲያና ወዲህ ማለቱ ነው። በ«ወንድሜ» ጀምረው ወደ «ትዳራችሁ» ተሻግረዋል፤ መጨረሻ ላይ ግን ወደ «ይጠብቅህ» ተመልሰው ሙሽራይቱን ከምርቃቱ አስወጥተዋታል። መሻገሩ ራሱ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም የቅርብ ጓደኛ መልእክት ውበቱ ከአንዱ ጀምሮ ሁለቱን ማቀፉ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሙሽራይቱን በግልጽ ጠርተው ይሻገሩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ነጠላው አይመለሱ።

«እንኳን ደስ ያለህ» በንግግር የሰፋ ስለ ሆነ አልነቅፈውም፤ በጽሑፍ ግን «እንኳን ደስ አለህ»ን እመርጣለሁ። «እንኳን» ኃላፊውን ግሥ በቀጥታ ያስከትላልና፤ «እንኳን ደህና መጣህ» እንጂ «የመጣህ» አንልም።

የሦስቱን ሌሊት ነገር ግን በምንም ምክንያት አያውጡት፤ በዚህ መልእክት ውስጥ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለው ዐረፍተ ነገር እሱ ብቻ ነው። ያለፈውን፣ ከዚያ የዛሬውን፣ በመጨረሻም ምኞቱን ቢያስከትሉ እንዲህ ይሆናል፦

«እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ታምሜ ሦስት ሌሊት አጠገቤ ያደርከው አንተ ነህ፤ ዛሬ ያንተ ደስታ የእኔም ነው። አንተንና ሙሽራህን እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ፍቅራችሁ ይጨምር፤ ትዳራችሁ የሰመረ ይሁን።»

«የሰመረ ይሁን»ን ወደ መጨረሻው ያወረድኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጮክ ብለው ቢያነቡት ድምፅዎ «ይሁን» ላይ ሲያርፍ ይሰሙታል፤ ሰሚውም «አሜን» የሚለው እዚያ ላይ ነው።