የላክሁት ደሞዝ የት ገባ?

«የመጀመሪያ ደሞዜን ለእናቴ በባንክ ላክሁላት፤ እስካሁን አልደረሳትም። ባንኩ ግን “ሄዷል” ይላል። የት ገባ?»

መጀመሪያ ደረሰኙ ላይ ያለውን የአካውንት ቁጥር ከእናትሽ ደብተር ጋር አሃዝ በአሃዝ አስተያዪው። አንዲት የቤት ሠራተኛ የላከችው ልክ እንዲህ ጠፍቶ ነበር፤ 47 ተብሎ መጻፍ የነበረበት 74 ሆኗል። ቁጥሩ የማንም ባይሆን ኖሮ ገንዘቡ ውሎ አድሮ በራሱ ይመለስ ነበር። ክፋቱ ባለቤት ነበረው፤ ብዙ ባንክ ደግሞ ቁጥሩን እንጂ ስሙን አያይም።

ልጅቷ ተቀባዩ ባንክ ጋ ስትደውል ከረመች። ከንቱ ድካም ነው፤ የደንበኛ ሂሳብ ለሌላ ሰው አይነግሩም። ነገሩ የተፈታው ከላኪው ባንክ UETR የሚባለውን 36 ምልክት ያለውን የዝውውሩን መለያ ስትቀበል ነው። በእሱ ገንዘቡ የትኛው ባንክ፣ መቼ እንደገባ ታየ። ከዚያ ላኪው ባንክ የመመለሻ ጥያቄ ላከ። ተቀባዩ ባንክ ያለ ባለሂሳቡ ፈቃድ አይቀንስም፤ እንደ ዕድል ሰውየው አልነካውም ነበርና ፈረመ። ክፍያ ተቆርጦለት ተመለሰ። አውጥቶት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ወደ ፖሊስና ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩ ተሳስቶ ከሆነ የመመለሻ ማመልከቻውን ለላኪው ባንክ ዛሬውኑ በጽሑፍ አስገቢ። ስልክሽ ላይ የተቀመጠውን ተቀባይም አጥፊው፤ አለበለዚያ የሚቀጥለውም እዚያው ይገባል።