ፍርፋሪ ያለበት ወተት

«የላሜ አንዱ ጡት አብጧል፣ ወተቱ ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ አለ። ካፈላሁት መሸጥ እችላለሁ?»

አትሽጠው። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ አንዳንዱ ባክቴሪያ ቀድሞ የለቀቀውን መርዝ አያጠፋም፣ የጠጣው ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል።

ሌሎቹን ሦስት ጡቶችም ፈትሽ። ከማለብህ በፊት ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስቴ ጥቁር ኩባያ ላይ አልብና እይ፤ ፍርፋሪ፣ ደም ወይም ውሃ የመሰለ ቅጥነት ካለ ያም ታሟል። መሬት ላይ ግን አታልብ፣ በሽታው ወደ ሌሎች ላሞች ይዛመታል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሐኪሙ ጡቷ ውስጥ መድኃኒት ካስገባ በኋላ ወተቱ ቶሎ ይጠራል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ወተት እንዳይሸጥ የተጻፈው የቀን ብዛት እስኪያልፍ የአራቱም ጡት ወተት አይሸጥም፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ በደም አድርጎ ጤነኞቹ ጋም ይደርሳል። እሱንም ማፍላት አያጠፋውም።