ለባልትና ሱቅ ስታተስና ካታሎግ የሚሆኑ ኢሞጂዎች

ጥያቄ፦ «ጎንደር አራዳ አካባቢ አነስተኛ የባልትና ሱቅ ከፍቻለሁ። በዋትስአፕ ስታተስና ካታሎግ ላይ የትኞቹን ኢሞጂዎች ብጠቀም ደንበኛ ያምነኛል? አንዱ ብዙ አድርጊ ይለኛል፣ ሌላው ምንም አታድርጊ ይለኛል። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ እኔም በዚሁ ከተማ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማርና ንጥር ቅቤ የምሸጥ ሰው ነኝና የእርስዎን ጉዳይ ከራሴ ሱቅ ለይቼ አላየውም። ዋትስአፕ ቢዝነስ እንዴት እንደሚከፈትና ዕቃ ካታሎግ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ያውቁታል ብዬ አልፈዋለሁ። ይብዛ ወይስ ይቅር በሚለው ክርክር ጊዜዎን አያጥፉ። ደንበኛ ጽሑፉን ሳያነብ ሥዕሉን ያያል፤ ሥዕሉ የተናገረውንም የሻጩ ቃል አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኢሞጂ ከመለጠፍዎ በፊት ስለ ዕቃዎ ምን እየተናገረ እንደ ሆነና የተናገረው እውነት መሆኑን ይመርምሩ።

1. ማረጋገጫ የሚመስሉ ምልክቶችን ከባልትና ዕቃ ላይ ያንሡ። ✅፣ 💯፣ 🔥 እና ‼️ ማለቴ ነው። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር፣ ማር ከስኳር ጋር፣ ቅቤ ከሙዝ ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ወሬ ያልሰማ ገዢ በአገራችን የለም። ይህ ገዢ «100% ንጹህ ✅💯» የሚለውን ጽሑፍ ሲያይ ልቡ አያርፍም፤ ይልቁንም ይህንኑ አጻጻፍ ከዚህ በፊት ያታለለው ሰው ገጽ ላይ እንዳየው ያስታውሳል። በተለይ ✅ ወይም ☑️ ከሱቅዎ ስም አጠገብ እንዳያስቀምጡ አደራ እላለሁ። ዋትስአፕ ላረጋገጣቸው ድርጅቶች ከስማቸው ጎን የሚያስቀምጠው የራሱ ምልክት አለው፤ ያንን የሚመስል ነገር በገዛ እጅዎ ሲጽፉ የሚያውቅ ሰው ያላገኙትን ማዕረግ እንደ ለበሱ ይቆጥረዋል። ገዢው ሊያውቅ የሚፈልገው ማሩ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ተቆረጠና ቀለሙ ምን እንደሚመስል ነው። ይህን ደግሞ ቃል እንጂ ኢሞጂ ሊናገረው አይችልም።

2. የሰዓትና የገንዘብ ሥዕሎችን አይጠቀሙ። ይህን ምክር የማውቀው በገንዘቤ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን ልንገርዎት።

ካታሎጌን መጀመሪያ የሠራልኝ ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ የማስታወቂያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ ተቀበለኝና ከሠራቸው ውስጥ የማሩ እንዲህ ሆኖ መጣ፦

```
🔥🔥 100% ንጹህ ማር 🍯🐝 ✅💯
💰💵 በቅናሽ ‼️ 🕗 🇪🇹 👇👇👇
```

🕗 የተቀመጠው ጠዋት በ2 ሰዓት እንደምንከፍት ለመንገር ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው የሰዓት እጅ ግን 8 ላይ ነው የቆመው፤ የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና። የእኛ ሰው ሲያየው ስምንት ሰዓት ብሎ ያነበዋል። «የምትከፍቱት ከምሳ በኋላ ነው እንዴ?» እያሉ የሚደውሉ ሰዎች በዙ፤ ሳይደውሉ ሌላ ሱቅ የሄዱት ስንት እንደ ሆኑ ግን ማን ያውቃል። ሥዕሉን 🕑 አድርገው ቢቀይሩትም ችግሩ አይፈታም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ውጭ አገር ያለው ደንበኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል። መፍትሔው «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት» ብሎ በፊደል መጻፍ ብቻ ነው። 📅 ም እንዲሁ አሳሳች ነው። በአይፎን ሥዕሉ ላይ «ጁላይ 17» የሚል ቀን ተጽፎበታል፤ «ቅናሹ እስከዚህ ቀን ነው» ብሎ የሚያነበው ሰው አይጠፋም።

💰 እና 💵 ላይ ደግሞ የዶላር ምልክት አለ። የብር ኖት ኢሞጂ የለም፤ ስለዚህ በገንዘብ ሥዕል ዋጋ ለማመልከት የሚሞክር ሰው ሁሉ ሳይፈልግ የሌላ አገር ገንዘብ ይጽፋል። ለእናቱ ማር ሊገዛ ከውጭ የጻፈልኝ አንድ የከተማችን ልጅ ዋጋው በዶላር ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ለማስረዳት ብዙ ተጻጻፍን። የካታሎጉ የዋጋ ቦታ ብሩን ራሱ ስለሚያሳይ ከዚያ ውጭ ምንም የገንዘብ ሥዕል አያስፈልግም። ይኸው ልጅ ካታሎጉን በኮምፒውተር ሲከፍተው ባንዲራው ጠፍቶ ET የሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ታይተውታል፤ ዊንዶውስ የአገር ባንዲራዎችን በፊደል ስለሚያሳይ ነው። እኔ ባንዲራ ከነጭራሹ ትቻለሁ። ማሩ የኢትዮጵያ መሆኑን ጎንደር ውስጥ ለማን እነግራለሁ?

ከሁሉ የከበደኝ ግን ለረጅም ጊዜ ከእኔ ማር ሲገዙ የኖሩ አንዲት እናት ስታተሱን አይተው ሱቅ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ማሩን ለውጠኸዋል?» ማለታቸው ነው። ማሩ ያው ማር ነበር፤ የተለወጠው አጻጻፉ ነው። ወደ ማስታወቂያ ቤቱ ሄጄ እንዲያስተካክሉልኝ ስጠይቅ ኃላፊው ከወንበሩ እንኳ ሳይነሣ «ሰው የሚስበው ቀለም ነው፤ አንተ በርበሬህን ሽጥ፣ ዲዛይኑን ለእኛ ተው» አለኝ። ለማስተካከያ ሌላ ክፍያ ጠየቀ፤ የከፈልኩትንም አልመለሰም። በዚያው ምሽት ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩና ካታሎጉን በሙሉ በራሴ እጅ ከሥሩ ጻፍኩት። ዛሬ በአካባቢያችን ያሉ ሱቆች የእኔን አጻጻፍ ሲከተሉ ሳይ ደስ ይለኛል። የማር ዝርዝሬ አሁን ይህን ይመስላል፦

```
🍯 የጭልጋ ማር፣ 1 ኪሎ
ኅዳር ላይ የተቆረጠ፣ ያልተነጠረ፣ ቀለሙ ወርቃማ።
በብርድ ሊረጋ ይችላል።
📍 አራዳ   📞 በዚሁ ቁጥር ይደውሉ
```

የመጀመሪያው መስመር የዕቃው ስም ነው፤ የቀረው በመግለጫው ቦታ ይገባል። በስሙ መስመር አንድ ኢሞጂ ብቻ፣ እርሱም ሁልጊዜ ከስሙ ፊት ይቆማል። ካታሎጉ በዝርዝር ሲታይ ረጅም ስም መጨረሻው ይቆረጣል፤ ሦስት አራት ሥዕል ከፊት ከደረደሩ የሚቆረጠው «1 ኪሎ» የሚለው ይሆናል፣ ገዢውም ዋጋው የግማሽ ይሁን የሙሉ ኪሎ ሳያውቅ ይቀራል። ስለ መርጋቱ አስቀድሜ የጻፍኩት የረጋ ማር ያየ ሰው ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ ስለሚጠረጥር ነው። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ካስወገድኳቸው ኢሞጂዎች ሁሉ ይልቅ ጠቅማኛለች።

አሁን ለየትኛው ዕቃ የትኛው ሥዕል እንደሚሆን እነግርዎታለሁ። ለማር 🍯፣ ለቡና ☕፣ ለበርበሬ 🌶️ ይበቃል። በርበሬ ላይ ግን ሥዕሉን ሁለትና ሦስት አያድርጉት፤ የምግብ ቤት ዝርዝር የለመደ ሰው ቁጥሩን የማቃጠል መጠን አድርጎ ይወስደዋል። እኔ 🌶️ን የዕቃው ዓይነት ምልክት ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ሚጥሚጣውም አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ማቃጠሉን በቃል እጽፋለሁ። ለንጥር ቅቤ 🧈 አይጠቀሙ። ሥዕሉ በሳህን ላይ ያለ፣ በቢላ የሚቆረጥ የፋብሪካ ቅቤ ነው፤ የእኛን ንጥር ቅቤ የሚፈልግ ሰው ያንን ሲያይ የታሸገ የገበታ ቅቤ እየሸጡ ይመስለዋል። ለሽሮም እንዲሁ 🫘 አይሆንም፤ በብዙ ስልክ ላይ ቀይ ቦሎቄ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሽሮዎ ደግሞ የአተር ወይም የሽምብራ ነው። ትክክለኛ ሥዕል የሌለውን ዕቃ ያለ ሥዕል ተዉት፤ በእኔ ካታሎግ ሽሮና ቅቤ ስማቸው ብቻ ነው ያለው፣ አንድም ቀን ጎደለ ያለኝ የለም።

ሥዕሎቹን ስመርጥ ዕድሜያቸውንም አያለሁ። 🍯፣ ☕፣ 🌱፣ 📍፣ 📞 እና 🔴 በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ ያሉ ናቸውና የማይታዩበት ስልክ አላጋጠመኝም። 🧈 እና 🟢 በዚያው አቆጣጠር በ2019፣ 🫘 ደግሞ በ2021 የመጡ ናቸው። በአንድሮይድ ስልክ ዋትስአፕ የራሱን ሥዕሎች ይዞ ስለሚሠራ የታደሰ ዋትስአፕ ያለው ሰው አዲሶቹንም ያያቸዋል፤ ያልታደሰበት ሰው፣ እንዲሁም አሮጌ ስልክ ላይ መልእክቱን በማሳወቂያው መስመር የሚያነብ ሰው ግን በሥዕሉ ፋንታ ባዶ ሣጥን ይታየዋል። ከዕቃ ስም ፊት ባዶ ሣጥን ማየት ጽሑፉ የተበላሸ ያስመስለዋል፤ የሚላከውም ዕቃ እንዲሁ ነው ብሎ የሚያስብ አለ።

ስታተስ ከካታሎግ ይለያል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚጠፋ የዕለቱን ነገር ብቻ ይናገሩበት። እኔ ሁለት ምልክት አለኝ። ያለቀ ዕቃ ላይ 🔴 አድርጌ ከጎኑ «አልቋል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቀለም ብቻውን በደንብ የማይለይ ዓይን ስላለ ቃሉን አልተውም። በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታ፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ የጾም የሆነውን ዕቃ በ🌱 እና «የጾም» በሚል ቃል አስቀድማለሁ፤ ቅቤውን በነዚያ ቀናት ስታተስ ላይ አላወጣውም፣ ካታሎጉ ውስጥ ግን ይቆያል። መስቀልም ሆነ ጨረቃ የሱቅ ምልክት አላደርግም፤ ደንበኞቼ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ናቸው፣ የሃይማኖት ምልክት ለበርበሬ ጥራት ዋስ ሲደረግም ደስ አይለኝም። ለታላላቆች ምላሽ ሲሰጡ 🙏 ጥሩ ነው፤ 😘 እና 🥰 ግን በዕድሜ ለገፋ ደንበኛ ድፍረት ይሆንብዎታል።

የማስታወቂያ ቤቱን ዓይነት ጽሑፍ አስቀድመው ለጥፈው ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን አይሰርዙት፤ ብዙ የሚሸጠውን ዕቃ አስቀድመው ያስተካክሉና ወደ ሌላው ይሂዱ። እያንዳንዱን ከመልቀቅዎ በፊት ደግሞ ከቤተሰብ አሮጌ ስልክ ወዳለው ሰው ይላኩትና ያየውን ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎት ያድርጉ። ሣጥን አየሁ ካለ፣ ሰዓቱን ከተሳሳተ ወይም ኪሎውን ካላገኘ ያንኑ መስመር ቀይረው ድጋሚ ይላኩለት። የበርበሬዎን ዝርዝር ጽፈው እዚሁ ቢያስቀምጡልኝ አይቼ እነግርዎታለሁ።