ሌቨሌ ሲጨምር ለምን ደከምኩ?

«ጋሼ ሰላም፣ ከሸዋሮቢት ነኝ። የድሮውን ኦብሊቪየን እየተጫወትኩ ሌቨል 14 ደርሻለሁ። መጀመሪያ ላይ በአራት ምት ይወድቅ የነበረ ሽፍታ አሁን እኔን ይዘርረኛል። ዋና ስኪሎቼ ውስጥ ሩጫና ዝላይ አሉ፣ ሰይፍ ግን የለም። ሴቩ ተበላሽቶ ይሆን?»

ሴቩ ደህና ነው። የተበላሸው ስሌቱ ነው፣ እሱም ጌሙ በ2006 ሲወጣ ጀምሮ አብሮት ያለ ነው።

ጌሙ አንተን የሚመዝንህ በሌቨል ቁጥርህ ብቻ ነው። ከሰባቱ ዋና ስኪሎችህ በድምሩ አሥር ጭማሪ ካገኘህና አልጋ ላይ ከተኛህ ሌቨልህ ከፍ ይላል። ጭማሪው ከሰይፍ ይምጣ ከዝላይ ግድ የለውም። ጠላቶቹ ደግሞ ያንን ቁጥር እያዩ ጉልበትና ትጥቅ ይጨምራሉ። ለምሳሌ (ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል ነው) ሌቨል 1 ላይ የጠላት ጤና 20፣ ያንተ ምት 5 ከሆነ በአራት ምት አለቀ። ሌቨል 14 ላይ ጤናው 120 ሲደርስ ምትህም 30 ቢሆን ያው አራት ነው። አንተ ግን እየዘለልክ ስላደግክ ምትህ 10 ላይ ቀርቷል፣ ስለዚህ አሥራ ሁለት ጊዜ መምታት አለብህ፤ እሱ እስከዚያ ዝም ብሎ አይጠብቅህም።

ሰው የሚናደደውም እዚህ ላይ ነው። በደንብ ያደገ ተጫዋች እንኳ ያው አራት ምት ላይ ነው ያለው። ጣርማ በርን ለመውጣት ጠንካራ ሞተር ገጥመህ ስትመጣ ዳገቱም አብሮ ይበልጥ ቀጥ ቢልብህ እንደማለት ነው። በዚያ ላይ መንገድ ላይ የሚያስቆምህ ሽፍታ ብዙ ሺህ ወርቅ የሚያወጣ ጥሩር ለብሶ አንድ መቶ ወርቅ አምጣ ይልሃል! ጥሩሩን ሸጦ ለምን አይቀመጥም? የሠሪዎቹ ሐሳብ ገብቶኛል፣ በፈለግህበት አቅጣጫ ብትሄድ የሚመጥንህ ነገር እንዲገጥምህ ነው። ግን ትናንት የፈራኸውን ዋሻ ዛሬ ገብተህ ድራሹን ማጥፋት የሚሰጠውን ደስታ በላው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ አልጋ አትንካ። ካልተኛህ ሌቨልህ አይጨምርም። ጤናህን ለመመለስ `T` ተጭነህ ጠብቅ፣ ይበቃል። ስክሪኑ ላይ `Blade` የሚለው የሰይፍ ስኪል ከዋናዎቹ ስላልሆነ ማሳደጉ ሌቨልህን አይነካውም፣ ይሄ ለአንተ ጥሩ ዕድል ነው። ወርቅ ካለህ አሠልጣኝ ጋር ሂድ፣ በአንድ ሌቨል አምስት ጊዜ ብቻ ነው የሚያሠለጥኑህ፤ የቀረውን ደካማ አውሬ ላይ በሰይፍ ተለማመድ። እስከዚያ የ`Difficulty` መስመሩን ትንሽ ወደ ግራ ሳበው። እኔ ጌም ቤቴ ውስጥ ይህን ማድረግ ሽንፈት ነው የሚሉ ልጆች አሉኝ፣ አትስማቸው። የሰይፍህ ቁጥር ከፍ ብሎ ሽፍታውን በስድስት በሰባት ምት መጣል ስትጀምር መስመሩን መልሰህ ያኔ ተኛ።

እንደ አዲስ ልጀምር ካልክ ደግሞ ሩጫና ዝላይን ከዋናዎቹ አውጣቸው። ሳታስበው የሚያድጉት እነሱ ናቸው።